«ቅበረኝ» የምትለው እናት

በቤይሩት ወይም በደማስቆ አንዲት እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኝ ጉንጩን ስማ የምትለው ቃል አለ፤ «ቱእቡርኒ» ትለዋለች። በሊባኖስና በሶርያ ዐረብኛ ይህ ቃል ከአያት እስከ ፍቅረኛ የሁሉም አፍ ላይ ነው። ለቆንጆ ሕፃን ይባላል፣ ምግብ ላጣፈጠች እኅት ይባላል፣ ስልክ ሊዘጋ ሲልም ይባላል። ቃሉ ሲፈታ ግን «ቅበረኝ» ማለት ነው።

ይህንኑ ቃል በቃል አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ የወሰደ ሰው አንባቢውን ወይ ያስደነግጠዋል ወይ ያስቀዋል። ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ቆሞ እናቱ «ቅበረኝ» ስትለው የሚያነብ ሰው፣ ልጁ አካፋ ይዞ የሚታይ ሥዕል ነው የሚመጣለት። አማርኛ ተናጋሪ ግን ያን ያህል አይደናገርም። እኛ ዘንድ «ጧሪ ቀባሪ» የሚባል ነገር አለና። ልጅ የሌለው ሰው ብቸኝነቱን ሲናገር «ጧሪ ቀባሪ የለኝም» ይላል፤ መራቂም «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ ይመርቃል። ልጅ ወላጁን መቅበሩ ሐዘን ቢሆንም ሥርዓት ነው። የማይቻለው፣ አፍ ሞልቶ የማይነገረው ወላጅ ልጁን ሲቀብር ነው። የሊባኖሷ እናት የምትለውም ይኸው ነው፤ «የአንተን ሞት አያሳየኝ፣ አንተ ከእኔ በኋላ ቆመህ ቅበረኝ» ማለቷ ነው። ቃሉ ራሱ ዘመዳችን ነው፤ የዐረብኛው «ቀበረ»ና የእኛው «ቀበረ» ሥራቸው አንድ ነው። የቤይሩትና የደማስቆ ከተሜ «ቀ»ን ጉሮሮው ውስጥ ስለሚያስቀራት ብቻ «ተቅቡርኒ» የነበረው «ቱእቡርኒ» ሆኖ ይሰማል።

የማቆላመጫ ቃላት ድንበር ሲሻገሩ መልካቸው የሚለወጠው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ቋንቋው እንግዳ ስለሆነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቃሉ በአገሩ ሳለ ሥዕሉ ተኝቷል። ፈረንሳዊ ሚስቱን «የኔ ትንሽ ጎመን» ሲላት ጎመን አይታየውም፤ ያው ቃል በክሬም የተሞላ ክብ ኬክም ስም ስለሆነ ጆሮው የሚሰማው ጣፋጭነትና ትንሽነት ነው። ልጁን «የኔ ቁንጫ» ሲላትም ስለሚነክሰው ነፍሳት እያሰበ አይደለም። ዴንማርካዊ ፍቅረኛውን የሚጠራበት «ስካት» የሚለው ቃል ውድ ሀብት ማለት ነው፤ ግን መንግሥት የሚሰበስበው ግብርም በዚያው ቃል ይጠራል። ከዴንማርካውያን ማንም ፍቅረኛውን ሲጠራ ግብር ሰብሳቢ አይታየውም። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ግን ተኝቶ የነበረውን ሥዕል ቀስቅሶ ያስነሣዋል፤ ሚስት ጎመን፣ ልጅ ቁንጫ፣ ፍቅረኛ ግብር ትሆናለች።

ጎመንና ቁንጫ ግን ቀላሎቹ ናቸው፤ ሰው ስቆ ያልፋቸዋል። እኔን የሚስበኝ የእነ «ቅበረኝ» ወገን ነው፤ በሞት የሚያቆላምጡት ቃላት። ከቤይሩት እስከ ዴልሂ፣ ከቴህራን እስከ ጎንደር እናቶች ለሚወዱት ሰው የራሳቸውን ሞት ያቀርባሉ፤ የሚያቀርቡበት መንገድ ግን ይለያያል።

ፋርሶች «ቆርባኔት ቤራም» ይላሉ፤ ስንፈታው «ቁርባንህ ልሁን» ማለት ነው። ይህን ቃል ለጎረቤት፣ ለልጅ፣ አንዳንዴም ታክሲ ላይ ለተዋወቁት ሰው ይሉታል። ሌላው «ፈዳት ሸም» ነው፤ «ቤዛህ ልሁን» እንደማለት። ሁለቱም ለአማርኛ አንባቢ አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ ቁርባንም ቤዛም የቤተ ክርስቲያናችን ቃላት ናቸው። ከሁሉ የሚገርመው ግን «ዶውሬት ቤገርደም» የሚለው ነው። ቃል በቃል «በዙሪያህ ልዙር» ማለት ነው። ሰምቶ የማያውቅ ሰው አንዲት እናት ልጇን እንደ ምሰሶ አቁማ የምትዞረው ይመስለዋል። አያት ለልጅ ልጇ በስልክ «በዙሪያህ ልዙር» ስትል የሚሰማ ባዕድ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ከቃሉ በስተጀርባ ግን በእርግጥ መዞር አለ። የታመመን ሰው አልጋ እየዞሩ «ሕመሙ ወደ እኔ ይምጣ» ብሎ መለመን በፋርስ፣ በመካከለኛው እስያና በሕንድ አካባቢ የቆየ ልማድ ነበር። ከዚህ ልማድ በታሪክ ስሙ የቀረው ሰው የሙጋል መንግሥትን በሕንድ የመሠረተው ባቡር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1530 ልጁ ሁማዩን ክፉኛ ታመመና ወደ አግራ ይዘውት መጡ። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆረጡ። የሚተረከው እንዲህ ነው፤ ከአማካሪዎቹ አንዱ «ካለህ ሁሉ ውድ የሆነውን ለእግዚአብሔር ስጥ» አለው። ሰዎቹ ያሰቡት ታላቁን አልማዝ ነበር። ባቡር ግን ድንጋይ ለልጁ አይመጥንም ብሎ፣ ከሁሉ ውድ የሆነው የገዛ ሕይወቱ መሆኑን ተናግሮ፣ የልጁን አልጋ እየዞረ ሕመሙ ወደ እርሱ እንዲዛወር ጸለየ። ሁማዩን ዳነ። ባቡር በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በታኅሣሥ ወር ሞተ። ልጁ ጉልባዳን በኋላ በጻፈችው የቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ የአባቷን አልጋ መዞር ተርካለች። የባቡርን ሞት ሐኪም በሌላ ምክንያት ሊያስረዳው ይችላል። ዛሬ በቴህራን ስልክ ላይ «በዙሪያህ ልዙር» የምትለው አያትም ባቡርን እያሰበች አይደለም። ቃሉ ግን ከዚያ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው የወጣው፤ ሐኪም እጁን ከሰጠበት፣ ወላጅ በእግሩ ከሚዞርበት ክፍል።

በኩዌት፣ በሳዑዲና በኤምሬትስ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ ሌላ ይሰማሉ። የቤቱ እመቤት ልጇን አቅፋ «ያ ባዕድ ዑምሪ» ትለዋለች። ለአማርኛ ጆሮ የመጀመሪያው ነገር «ባዕድ» ነው፤ እናት የገዛ ልጇን ባዕድ ያለችው ይመስላል። ዐረብኛው ግን «በኋላ» ማለት ነው። ሐረጉ ሲዘረጋ «ከዕድሜዬ በኋላ የምትኖር» እንደማለት ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ጨርሼ አንተ ትቆይ። በዚያው ሐረግ ውስጥ ዕድሜን በጉበት ለውጠው «ያ ባዕድ ቸብዲ» የሚሉም አሉ፤ ከጉበቴ በኋላ እንደማለት ነው። ጉበት በዐረቡ ዓለም የእኛ አንጀትና ሆድ የያዘውን ቦታ ስለያዘ ነው። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ገበያ ውስጥ ሻጩ «ካፓራ» ሲላቸው መስማት ለምደዋል። በተለይ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በመጡ አይሁዶች ቤት የቆየ፣ ዛሬ ግን አገሩን ሁሉ ያዳረሰ ቃል ነው። «ማስተሰረያህ ልሁን» ማለት ነው። በሃይማኖታዊው ልማድ ከማስተሰረያ ቀን በፊት ለወንድ አውራ ዶሮ፣ ለሴት ሴት ዶሮ በራስ ላይ አዙሮ «ይህ ምትኬ ነው» ማለት አለ፤ ዛሬ ብዙዎች በዶሮው ፈንታ ገንዘብ ይጠቀማሉ። ቲማቲም ሻጩ ለደንበኛው «ካፓራ» ሲል በቃሉ ራሱን በዶሮው ቦታ አቁሟል። እርሱ ግን አያስበውም፤ ቲማቲሙን መዝኖ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ያልፋል።

አሁን ወደራሳችን እንመለስ፤ በእኛ ቋንቋ የተኙት ሥዕሎች ለእኛ ስለማይታዩን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

አማርኛ ሞትን የሚያቀርበው ከሁሉ ይልቅ በገበታ ላይ ነው። ጉርሻ ጠቅልላ የዘረጋች ሴት «በሞቴ» ትላለች። ይህ ከማቆላመጥም አልፎ መሐላ ነው። እንግዳው ጠግቦ ሊሆን ይችላል፣ «በቃኝ» ብሎ እጁን ሰብስቦ ሊሆን ይችላል፤ «በሞቴ» ከተባለ ግን አፉን ይከፍታል። እምቢ ማለት የሰውየዋን ሞት እንደ ቀላል ነገር መቁጠር ነውና። ይህን ወደ ሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የወሰደ ሰው ምግብና ሞትን ባንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኛል፤ የባዕዱ አንባቢም ምግቡ የተመረዘ ይመስለዋል። «አፈር ስሆን» ደግሞ የልመና ቃል ነው። ቃሉን ብቻ ካየን «አፈር በምሆንበት ጊዜ» ይላል። የሚለምነው ሰው ራሱን እስከመጨረሻው ዝቅ አድርጎ፣ ከእግር በታች አውርዶ፣ መቃብር ድረስ አድርሶ ነው የሚለምነው። ዝቅታውና ሞቱ በአንድ «አፈር» ውስጥ ተጣጥፈዋል።

ከሁሉ ግን ለአስተርጓሚ የሚከብደው አጭሩ ነው፤ «እኔን!»። ሕፃን እየሮጠ ተደናቅፎ ሲወድቅ፣ ሽማግሌ ደረጃ ሲስቱ፣ የማናውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲያዳልጠው አፋችን ቀድሞ «እኔን!» ይላል። ሰዋስዉን ስናየው መጨረሻው ላይ ያለችው «ን» አንድ ነገር ትነግረናለች፤ «እኔን» ድርጊቱ የሚያርፍበት ሰው ነው፣ ግሡ ግን የለም። «እኔን ይድፋኝ» ወይም «እኔን ያድርገኝ» የሚለው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር በአጠቃቀም ብዛት ጅራቱ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። ቀሪው ግማሽ ግን ሥራውን ሁሉ ይሠራል። የወደቀው ልጅ ገና ከመሬት ሳይነሣ ቃሉ ውድቀቱን ወደ ተናጋሪው አዛውሮታል። ባቡር አልጋውን እየዞረ የለመነውን የእኛ ሰው በሦስት ፊደል መንገድ ላይ ለማያውቀው መንገደኛ ይለዋል ማለት ነው። ይህን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ስንወስደው «እኔ» የሚል የተንጠለጠለ ተውላጠ ስም ብቻ ይቀራል፤ ሰምቶ የሚረዳው የለም። ፈረንጅ ባሏ ሲያዳልጠው «እኔን!» ያለች ሚስት ይህን ቃል ስታስረዳ ያለውን ድካም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወድቆ የነበረው እርሱ ሆኖ ሳለ እርሷ ስለራሷ የጮኸች ይመስለዋል።

ሞት የሌለበት፣ ግን ከዚሁ የዘር ሐረግ ሐሳብ የማይርቅ አንድ ሌላ የቤት ቃል አለን፤ እናት ትንሹን ልጇን «አባቴ»፣ ልጇንም ልጃገረዷን «እናቴ» ትላለች። ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን «የኔ አባት፣ እደግልኝ» ይባላል። ለባዕድ ጆሮ ይህ የዘመድ ቆጠራ መዘበራረቅ ነው። የሚገርመው፣ በሊባኖስ ወይም በግብፅ ቤት የሚሠራ ሐበሻ በበኩሉ ሌላ ግራ መጋባት ይገጥመዋል። እዚያ እናት ልጇን፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ «ማማ» ትለዋለች፤ አባትም ልጁን «ባባ» ይለዋል። «ና ማማ፣ ጫማህን አድርግ» ትላለች የልጁ እናት።

ሁለቱ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም አካሄዳቸው ይለያያል። ዐረቧ እናት የምትሰጠው የራሷን መጠሪያ ነው፤ ልጇ እርሷን የሚጠራበትን ቃል መልሳ እርሱን ትጠራበታለች፤ ስለዚህም ነው ወንዱም «ማማ» የሚሆነው። የእኛዋ እናት ግን ጾታውን ጠብቃ ወንዱን ወደ አባት፣ ሴቷን ወደ እናት ታወጣለች። ልጁን በአያቶቹ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ዛሬ እርሷ የምትጦረውን ነገ እንደሚጦራት አድርጋ ትጠራዋለች። ሴት ልጅ «እማዬ!» ብላ ስትጣራ እናቷ «ወዬ የኔ እናት» ትላለች፤ ሁለቱም እርስ በርስ እናት ተባብለው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ፣ ማንም ግራ አይጋባም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደን እንሥራ። የአማርኛ ፊልም ለውጭ ተመልካች ከሥር ጽሑፍ የሚያወጣ ተርጓሚ አለ እንበል። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ወጣቱ ሻንጣውን በር ላይ አቁሟል፣ መኪና ይጠብቀዋል፣ እናቱ ጉርሻ ይዛ ቆማለች። እንዲህ ትላለች፦

«አፈር ስሆን፣ የኔ አባት፤ በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ ብላልኝ፣ ሆዴ!»

ቃል በቃል የሄደ ትርጉም ለባዕዱ ተመልካች ምን እንደሚመስል ለእኛ ለመረዳት አንድ መንገድ አለ። የተተረጎመውን መልሰን ወደ አማርኛ እናምጣው፣ ግን የለመድነውን አባባል ትተን ሥዕሉ ብቻ እንዲታይ አድርገን። እንዲህ ይሆናል፦ «ወደ መሬትነት በምለወጥበት ሰዓት፣ ወላጅ አባቴ ሆይ፣ ሕይወቴ ሲያልፍ፣ አንድ የእንጀራ ጥቅል ብቻ በእኔ ምትክ ብላ፣ ጨጓራዬ!» ተመልካቹ የሚያየው ሻንጣ የያዘ ወጣት ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ይህን ነው። ቢስቅ ፊልሙ ሞቷል።

ሁለተኛው መንገድ በሌላው ቋንቋ የተለመደውን ማቆላመጫ መተካት ነው። ለእንግሊዝኛው «ሃኒ» ወይም «ስዊትሃርት» ብሎ አራቱንም መዋጥ ይቻላል። ይነበባል፣ ማንንም አያደናግርም። ግን እናትየዋ ሌላ ሴት ትሆናለች። ነጠላዋን አጣፍታ የቆመችው ሴት አፏ የቺካጎ ይሆናል። ብዙ ተርጓሚ ይህን የሚመርጠው በቦታ ጥበትም ነው፤ የፊልም ሥር ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መስመር አያልፍም፣ በላቲን ፊደል አንዱ መስመር 42 ምልክት ያህል ነው የሚይዘው። አራት ማቆላመጫ ለመዘርዘር ቦታ የለም።

የሚሻለው፣ በእኔ ግምት፣ እያንዳንዱ ቃል በዚያ ቅጽበት የሚሠራውን ሥራ መጠየቅ ነው። «አፈር ስሆን» ልመና ነው። «የኔ አባት» ፍቅርና አክብሮት አንድ ላይ ነው፣ በተለይ ልጁ ቤቱን ለቆ ትልቅ ሰው ሊሆን በሚሄድበት ሰዓት። «በሞቴ» እምቢታን የሚዘጋ መሐላ ነው። «ሆዴ» ቅርበት ነው። ከእነዚህ መካከል ትዕይንቱን የሚያንቀሳቅሰው መሐላው ነው፤ ልጁ አፉን የሚከፍተው በእርሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ መሐላው መቅረት የለበትም፤ ሌላው ቃል ኃይሉን ሊያበድርና ዞር ሊል ይችላል። «ስለ እናትህ ስትል፣ አንዲት ብቻ፤ እምቢ አትበለኝ፣ ልጄ» የሚል መንፈስ ያለው ሁለት መስመር ይወጣዋል። ሞቱ ቢጠፋም ግዴታው ቀርቷል።

ደግሞ «ብላልኝ» ውስጥ ያለችውን «ልኝ» ልብ ይሏል። የአማርኛ ፍቅር ግማሹ በስም ውስጥ ሳይሆን በግሥ ጭራ ላይ ነው የሚኖረው። «ብላልኝ፣ ተኛልኝ፣ ዳንልኝ» ስንል ልጁ መብላቱ፣ መተኛቱ፣ መዳኑ ለእኛ የተደረገ ውለታ እንደሆነ እየነገርነው ነው። ቃል በቃል ሲሄድ «በእኔ ፈንታ ብላ» ይሆንና የበላው ሌላ፣ የጠገበው ሌላ ይሆናል። ማቆላመጫ ቃል ብቻ የሚያድን ተርጓሚ ይህቺን «ልኝ» ሳያያት ያልፋል።

ይህ መፍትሔ የሚፈርስበት አንድ ጊዜ አለ፤ ሰሚው ሥዕሉን ራሱ ሲቀሰቅሰው። በዚሁ ትዕይንት ልጁ ጉርሻውን ጎርሶ ከመሄድ ይልቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ «አንቺ አትሙቺብኝ፣ እሺ እበላለሁ» ቢላት፣ ተርጓሚው ችግር ውስጥ ገባ። ሞቱን ከእናትየዋ አፍ አውጥቶታል፣ የልጁ መልስ ግን ሞትን ይዞ መጣ። አሁን ተመልካቹ «ስለ ሞት ማን ተናገረ?» ይላል። እንዲህ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶ የእናትየዋን ንግግር መልሶ መሥራት ግድ ነው፤ «ሳልሞት አንዲት ጉርሻ ልይህ» የመሰለ ነገር ፈልጎ ሞቱን መመለስ ያሻል። ልምድ ያለው ተርጓሚ ለዚህ ነው አንዱን ንግግር ከመተርጎሙ በፊት መልሱን የሚያነበው። ማቆላመጫው ተኝቶ ይሁን ነቅቶ የሚያውቀው ከሰሚው ነው። ሰሚው ጉርሻውን ወስዶ ካለፈ ሥዕሉ ተኝቷል፤ ሰሚው ሥዕሉን ይዞ ከመለሰ ነቅቷል።

ቦታውም ይለውጠዋል። «እኔን ያስቀድመኝ» ሕፃን ሲያስል የተባለ እንደሆነ ማቆላመጥ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ልጇን በቀበረች እናት አፍ የተባለ እንደሆነ ግን ቃሉ ሁሉ ነቅቷል፤ ያለችውን ማለቷ ነው። ያኔ ማለዘብ ስሕተት ነው፤ አስተርጓሚው ያለ ምንም ጌጥ እንዳለ መናገር አለበት።

ፊልም ላይ የሚያስቀው ነገር ሐኪም ፊት ሲደርስ ሳቁ ይቀራል። በውጭ አገር ሆስፒታሎች ለስደተኛ ቤተሰብ የሚያስተረጉሙ ወገኖች ይህን ያውቁታል። አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ ለነርሷ «አባቴ ከትናንት ጀምሮ አልበላልኝም፤ ሲያቃስት አንጀቴን በላው» ትላለች። ቃል በቃል የሄደ አስተርጓሚ ለነርሷ ያደረሰላት እንዲህ ነው፤ የሴትየዋ አባት ከትናንት ጀምሮ በእርሷ ምትክ አልበላም፣ ሲያቃስትም አንጀቷን በልቷል። ነርሷ መዝገቡ ላይ ሌላ ታማሚ ልትፈልግ ትችላለች። ከዚያም የሚብሰው የሆድ ሕመሙ የማን እንደሆነ መደናገሩ ነው፤ እናትየዋ ስለ ርኅራኄዋ የተናገረችው የራሷ የአንጀት ሕመም ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ሥራውን የሚያውቅ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። መጀመሪያ ሰዉን፤ «አባቴ» ያለችው በእቅፏ ያለውን ሕፃን እንደሆነ አረጋግጦ «ልጄ» ብሎ ያስተላልፋል። ቀጥሎ አካሉን፤ «አንጀቴን በላው» የአካል ሕመም ሳይሆን የእናት ሆድ መባባት መሆኑን ዐውቆ «ሲያቃስት መስማት አልቻልኩም» ብሎ ይናገራል። ማቃሰቱንና ከትናንት ጀምሮ አለመብላቱን ግን ሳያጎድልና ሳይጨምር ያደርሳል፤ ሐኪሙ የሚሠራባቸው እነርሱ ናቸውና። የተጠራጠረ እንደሆነም እናትየዋን ራሷን መጠየቅ ይፈቀድለታል፣ ለነርሷ «አንድ ነገር ላጣራ» ብሎ አስታውቆ። «እናቴ፣ ሆድዎን ያምዎታል ወይስ ልጁ አሳዝኖዎት ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ልጇን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ «ኧረ እኔስ ደህና ነኝ፤ እኔን ባደረገው» ትለዋለች። ይህንንም ደግሞ መተርጎም አለበት።